ለተጀመረ የመስኖ ሥራ ተጨማሪ ጊዜ ስለ መጠየቅ፤ የደብዳቤው አጻጻፍና የገንዘቡ አቆጣጠር

ለክቡራን የአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለመሬት ባለይዞታዎች።

በርዳታ ገንዘብ የተጀመረ የእርሻ ሥራ በውሉ ቀን ሳያልቅ ሲቀር፥ ከየወረዳው የሚጻፈው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው። «ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራው ስለ ዘገየ፥ በተመደበው በጀት ሁለት ወር እንዲጨመርልን በትሕትና እንጠይቃለን» ይላል። ትሕትናው መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ነገሮች ሳይመረመሩ አልፈዋል። ምክንያቱ ስንት ቀን እንደ በላ አልተቈጠረም፤ ሁለቱ ወር በየትኛው ወራት ላይ እንደሚውል አልታየም፤ በጀቱም ሳይጨመር እንዴት እንደሚበቃ አልተገለጠም። ገንዘብ ሰጪው እነዚህን ሦስቱን መልሶ ይጠይቃል፤ ጥያቄና መልስ ሲመላለስም የውሉ ቀን ያልፋል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የደብዳቤውን አጻጻፍ በአንድ ምሳሌ እናሳያለን። ምሳሌው ለማስተማር የተቀናበረ እንጂ የአንድ የታወቀ ወረዳ ታሪክ አይደለም።

አንድ ወረዳ ወንዝ ጠልፎ 1,800 ሜትር የመስኖ ቦይ ለማውጣት 2,400,000 ብር ርዳታ አገኘ እንበል። ውሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ከጁላይ 1 ቀን 2024 እስከ ጁን 30 ቀን 2025 ድረስ ነው። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራው ሲመረመር፥ ከቦዩ 1,100 ሜትር ተገንብቶ 700 ሜትር ቀርቷል። የወንዙ መጥለፊያ ግድብ መሠረቱ ብቻ ተጥሏል፤ ግንቡ አልተጀመረም። ወጪ የሆነው ገንዘብ 1,548,000 ብር፥ ያልተነካው 852,000 ብር ነው።

አስቀድሞ ቀኑን መመርመር

ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት የመጀመሪያው ሥራ ውሉን አውጥቶ የመጨረሻውን ቀን በሁለቱም አቈጣጠር መጻፍ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን ስለ ሆነ፥ ብዙ ጸሐፊዎች የርዳታውም ውል በዚያው ቀን የሚዘጋ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ጁን 30 ማለት ሰኔ 23 ቀን ነው። በመካከሉ ያለው 7 ቀን እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ሰኔ 24 ቀን ለግንበኛ የተከፈለ ደመወዝ ደረሰኝ ቢኖረውም እንኳ ከውሉ ውጭ ስለ ሆነ፥ በሒሳብ ምርመራ ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም፤ ወረዳውም ከራሱ ካዝና ይከፍለዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ጥያቄው ስንት ቀን ሲቀረው መቅረብ እንዳለበት በውሉ ውስጥ ይፈለጋል። ይህ በየገንዘብ ሰጪው ይለያያል። ለምሳሌ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የርዳታ ደንብ፥ ሌላ የሚከለክል ቃል በውሉ ከሌለ፥ አንድ ጊዜ እስከ 12 ወር ማራዘምን ይፈቅዳል፤ ማስታወቂያው ግን ጊዜው ከማለቁ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ፥ ምክንያቱና አዲሱ ቀን ተጽፎበት እንዲደርስ ያዝዛል። የተረፈን ገንዘብ ለመጨረስ ብቻ ተብሎ ማራዘምንም ይከለክላል። ይህ የመጨረሻው ቃል በሌሎችም ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ ልብ ሊባል ይገባል። «852,000 ብር ስለ ተረፈን» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ራሱን በራሱ ይከሳል። ምክንያቱ ያልተፈጸመው ሥራ እንጂ ያልወጣው ገንዘብ አይደለም።

በምሳሌያችን ደብዳቤው የሚጻፈው ሚያዝያ 20 ቀን ነው፤ እስከ ሰኔ 23 ቀን 63 ቀን ቀርቷል። ገንዘብ ሰጪው አንብቦ፥ ጠይቆና ፈርሞ ለመመለስ ጊዜ ያገኛል። በሰኔ አጋማሽ የሚጻፍ ደብዳቤ ግን ልመና እንጂ ዕቅድ አይመስልም፤ ሥራው መዘግየቱ ከሁለት ወር በፊት ይታወቅ እንደ ነበረ አንባቢው ይረዳልና።

ምክንያትን በቀን መቍጠር

«ከዐቅም በላይ» የሚለው ቃል ምንም አያስረዳም። እያንዳንዱ ምክንያት የጀመረበትና ያበቃበት ቀን ይጻፍለት። በምሳሌያችን ምክንያቱ ሦስት ነው።

1ኛ፤ ሲሚንቶ በጥር 10 ቀን ሊደርስ ተዋውሎ የደረሰው የካቲት 4 ቀን ነው፤ የጠፋው ጊዜ 24 ቀን።

2ኛ፤ የበልግ ዝናብ ከተለመደው በልጦ ወንዙ ከመጋቢት 12 እስከ ሚያዝያ 17 ቀን ስለ ሞላ፥ በመሠረቱ ጕድጓድ ውስጥ መሥራት አልተቻለም፤ የጠፋው ጊዜ 35 ቀን።

3ኛ፤ መጀመሪያ የተቈፈረው መሠረት ውሃውን ወደ ጎን የሚያሳልፍ ጊዜያዊ ቦይ ሳይወጣለት ስለ ተተወ በደለል ተሞላ፤ ዳግመኛ ለመቈፈር የጠፋው ጊዜ 9 ቀን።

ድምሩ 68 ቀን ነው። ሦስተኛው ምክንያት የወረዳው የራሱ ጥፋት መሆኑን አንባቢ ያያል። ብዙ ሹማምንት ይህን መሰወር ይወዳሉ። ነገር ግን ገንዘብ ሰጪው ሥራውን የሚጐበኝ መሐንዲስ አለው፤ ደለሉንም ያየዋል። የተሰወረው 9 ቀን ሲገለጥ በእውነት የተጻፈውም 59 ቀን ይጠረጠራል። ስለዚህ ጥፋቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ተከታዩም ዐረፍተ ነገር ጊዜያዊው ቦይ አሁን መውጣቱን ይናገር። ከዚህ በላይ መጸጸትም ማመካኘትም አያስፈልግም።

ለእያንዳንዱ ምክንያት ማስረጃ ይያያዝ። ለመጀመሪያው የግዢው ውልና የዕቃ መረከቢያው፥ ለሁለተኛው ተቆጣጣሪው በየቀኑ የጻፈው የሥራ መዝገብ፥ ለሦስተኛው ፎቶግራፍ ይበቃል። የሥራ መዝገብ ያልያዘ ወረዳ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ በኋላ ከትዝታ የተጻፈ መዝገብ ደግሞ ቀለሙና እጁ አንድ ስለ ሆነ ወዲያው ይታወቃል።

የጠፋው ቀንና የሚጠየቀው ወር እኩል አለመሆናቸው

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ይህ ነው። 68 ቀን ከጠፋ 68 ቀን ይጨመር ማለት ለጽሕፈት ቤት ሥራ ይሆናል፤ ለወንዝ ሥራ ግን አይሆንም። ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ 68 ቀን ብንቈጥር ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንደርሳለን። በሐምሌና በነሐሴ በሞላ ወንዝ ውስጥ ግንብ የሚገነባ የለም። ሁለት ወር ጠይቆ የተፈቀደለት ወረዳ በጳጕሜን ተመልሶ ሌላ ሁለት ወር ይለምናል፤ ሁለተኛው ልመና የመጀመሪያውን ያህል አይሰማም።

ስለዚህ ዕቅዱ ከውሃውና ከገበሬው ወራት ጋር ይመዛዘን። በምሳሌያችን ከሚያዝያ 21 እስከ ግንቦት 30 ቀን 40 ቀን አለ። እሑድና በዓላት ሲቀነሱ 30 የሥራ ቀን ይገኛል። አንድ የግንበኞች ቡድን በቀን 10 ሜትር ቦይ ስለሚገነባ፥ ክረምቱ ሳይገባ 300 ሜትር ይፈጸማል፤ 400 ሜትር ይቀራል። ከዚያ በኋላ እስከ ጥቅምት 21 ቀን በወንዙ ውስጥ ሥራ የለም። ከጥቅምት 22 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን ባለው 60 ቀን የግድቡ ግንብ ይቆማል።

የቀረውን 400 ሜትር ቦይስ ለምን በጥቅምት አንጀምረውም? በጥቅምትና በኅዳር በመሬቱ ላይ ጤፍ ቆሟል። ቦዩ በሚያልፍበት ማሳ ሰብል ሳይነሣ ቁፋሮ ቢጀመር ባለይዞታው ይከሳል፤ ካሣም በበጀቱ ውስጥ የለም። ደግሞም በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ለጕልበት ሥራ የሚመጣ ሰው አይገኝም። ስለዚህ በኅዳር በደመወዝ የተቀጠሩት ግንበኞች በግድቡ ላይ ብቻ ይሠራሉ፤ ቦዩ እህሉ ከተነሣ በኋላ በታኅሣሥ ይጀመራል። በሁለት ቡድን በቀን 20 ሜትር ሲሠራ በ20 የሥራ ቀን ያልቃል። ለእሑድ፥ ለገናና ለሌሎቹም በዓላት 10 ቀን ይተርፋል። ከጥር 1 እስከ 15 ቀን ውሃ ተለቅቆ ይፈተናል፤ የውሃ አባቶችና ተጠቃሚዎችም ስለ ውሃው አከፋፈል ይማራሉ። እስከ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. የመጨረሻው መግለጫ ተጽፎ ያልቃል። ይህ ቀን በፈረንጅ አቈጣጠር ጃንዋሪ 31 ቀን 2026 ነው። የሚጠየቀውም ጊዜ ሰባት ወር ይሆናል ማለት ነው።

68 ቀን ጠፍቶ ሰባት ወር መጠየቅ ያስደነግጣል። ስለዚህ ደብዳቤው ራሱ ይህን ማስረዳት አለበት፤ ከሰባቱ ወር ውስጥ አራቱ የወንዙ ሙላት ጊዜ ነው፥ የሚሠራበት ሦስቱ ብቻ ነው ብሎ ይከፋፍለው።

በጀቱ አልተለወጠም ማለት ምን እንደ ሆነ

ጊዜ ራሱ ገንዘብ ይበላል። ሥራው ሲራዘም ዘበኛው ይጠብቃል፥ የመጋዘኑ ኪራይ ይከፈላል፥ ተቆጣጣሪውም ደመወዙን ይፈልጋል። ስለዚህ «በጀቱ አልተለወጠም» ብሎ ዝም የሚል ደብዳቤ አስተዋይ አንባቢን አያሳምንም። የተጨመረው ወር ወጪ ከየትኛው የወጪ አርእስት እንደሚሸፈን መታየት አለበት።

የምሳሌያችን በጀት እንዲህ ነበረ። ለሲሚንቶ፥ ለብረትና ለአሸዋ 900,000 ብር፤ ለግንበኞችና ለሠራተኞች 800,000 ብር፤ ለተቆጣጣሪ፥ ለዘበኛና ለመጋዘን 240,000 ብር፤ ለማመላለሻ 260,000 ብር፤ ለትምህርት 120,000 ብር፤ ለመጠባበቂያ 80,000 ብር፤ ድምሩ 2,400,000 ብር።

ሦስተኛው አርእስት በወር 20,000 ብር ነው፤ ይኸውም ለተቆጣጣሪ 12,000፥ ለዘበኛ 5,000፥ ለመጋዘን 3,000 ብር። በአራቱ የክረምት ወር ተቆጣጣሪው ደመወዝ አይቀበልም፤ ዘበኛውና መጋዘኑ በወር 8,000 ብር፥ በጠቅላላው 32,000 ብር ይወስዳሉ። በሦስቱ የሥራ ወር ሙሉው 20,000 ብር ሲከፈል 60,000 ብር ይሆናል። የሚያስፈልገው ጭማሪ እንግዲህ 92,000 ብር ነው።

ይህ ገንዘብ ከሁለት ቦታ ይገኛል። ለግንቡ የሚሆነው ድንጋይ ከታሰበው ይልቅ በቅርብ ስለ ተገኘ፥ ከማመላለሻው 60,000 ብር ተርፏል። ቀሪው 32,000 ብር ከመጠባበቂያው ይወሰዳል። በዚህ መሠረት ለተቆጣጣሪ፥ ለዘበኛና ለመጋዘን የተያዘው 332,000፥ ማመላለሻው 200,000፥ መጠባበቂያው 48,000 ብር ይሆናል፤ የቀሩት አይነኩም። ድምሩ ያው 2,400,000 ብር ነው።

እዚህም ላይ ውሉን መመልከት ያሻል። ብዙ ውሎች ከአርእስት ወደ አርእስት ጥቂት ገንዘብ ያለ ፈቃድ ማዘዋወርን ይፈቅዳሉ፤ ነገር ግን መጠኑን አንዳንዱ ከጠቅላላው በጀት፥ አንዳንዱ ከአርእስቱ ላይ ያሰላል። የእኛው 92,000 ብር ከጠቅላላው ሲሰላ ከመቶ 4 እንኳ አይሞላም፤ ከአርእስቱ ከ240,000 ብር ሲሰላ ግን ከመቶ 38 ያልፋል። ስለዚህ በሁለተኛው መንገድ የተጻፈ ውል ያለው ወረዳ የጊዜውንና የማዘዋወሩን ፈቃድ በአንድ ደብዳቤ ይጠይቅ።

አንድ ሌላ ወጪ ደግሞ ሳይታይ ይመጣል፤ እርሱም የሲሚንቶ መበላሸት ነው። በከረጢት ያለ ሲሚንቶ በክረምት እርጥበት ጥቂት ወር ከቆየ ኀይሉ ይቀንሳል። በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል ካገኙበት ለግድብ ግንብ አይሆንም። ስለዚህ በእጅ ያለው እስከ ግንቦት 30 ቀን በቦዩ ላይ ይለቅ፤ ለግድቡ የሚያስፈልገው በጥቅምት ይገዛ። ዋጋው እስከዚያ ሊጨምር ስለሚችል፥ የቀረው 48,000 ብር መጠባበቂያ ለዚሁ ይጠበቅ። ነጋዴዎች የሚሰጡት የዋጋ ማስታወቂያ ጭማሪው ከዚህ እንደሚበልጥ ካሳየ ግን፥ በጀቱ አልተለወጠም ተብሎ አይጻፍ። ሊፈጽሙት የማይችሉትን ተስፋ ከመጻፍ ይልቅ እውነተኛውን ዋጋ ገልጦ መነጋገር ይሻላል።

የደብዳቤው ምሳሌ

ከዚህ በላይ የተቈጠረው ሁሉ በአንድ ገጽ ይጠቃለላል፤ ዝርዝሩ በአባሪ ይሄዳል።

«ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለርዳታ ሰጪው ድርጅት ዋና ጽሕፈት ቤት፤

ጉዳዩ፤ የመስኖው ሥራ ውል እስከ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 31 ቀን 2026) ድረስ፥ ገንዘብ ሳይጨመር እንዲራዘም ስለ መጠየቅ።

ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. (ጁን 30 ቀን 2025) የሚያልቀው ውላችን ሰባት ወር እንዲራዘምልን እንጠይቃለን። እስከ ዛሬ ድረስ ከ1,800 ሜትር ቦይ 1,100 ሜትር፥ እንዲሁም የግድቡ መሠረት ተፈጽሟል። የቀረው 700 ሜትር ቦይ፥ የግድቡ ግንብና የተጠቃሚዎች ትምህርት ነው።

ሥራው 68 ቀን ዘግይቷል። 24 ቀን በሲሚንቶ መዘግየት፥ 35 ቀን በወንዙ ሙላት፥ 9 ቀን ደግሞ ጊዜያዊ ማሳለፊያ ቦይ ሳናወጣ በመቈፈራችን ጠፍቷል። ማሳለፊያው ቦይ አሁን ወጥቷል።

ከምንጠይቀው ሰባት ወር ውስጥ እስከ ጥቅምት 21 ቀን ያሉት አራት ወራት በወንዙ ውስጥ ሥራ የማይሠራባቸው ናቸው። ግድቡ ታኅሣሥ 21 ቀን፥ ቦዩ እህል ከተነሣ በኋላ በታኅሣሥ መጨረሻ፥ ትምህርቱ ጥር 15 ቀን ይፈጸማል።

ጠቅላላው በጀት 2,400,000 ብር ነው፤ አልተለወጠም። ለተጨማሪው ጊዜ የሚያስፈልገውን 92,000 ብር ከማመላለሻ 60,000፥ ከመጠባበቂያ 32,000 ብር ወደ ተቆጣጣሪ፥ ዘበኛና መጋዘን አርእስት እንድናዘዋውር ይፈቀድልን ዘንድ እንጠይቃለን። የሚገነባው ሥራና የተጠቃሚው ገበሬ ቍጥር እንደ ቀድሞው ነው።

መልሱ እስከ ግንቦት 30 ቀን ቢደርሰን ግንበኞቹንና የመጋዘኑን ውል ሳናፈርስ እንቀጥላለን።

ከከበረ ሰላምታ ጋር።»

አባሪውም አራት ነው፤ የሥራው ሁኔታ መግለጫ፥ የዘገየበት ማስረጃ፥ በየወሩ የተከፈለው አዲስ ዕቅድ፥ የቀድሞውና የአዲሱ በጀት ጎን ለጎን። አምስተኛ ሆኖ ቦዩ በማሳቸው የሚያልፍባቸው ባለይዞታዎች በታኅሣሥ እንዲቈፈር መስማማታቸውን የፈረሙበት ወረቀት ቢጨመር፥ የዕቅዱ ቀን የታመነ ይሆናል። ባለይዞታዎችም ከመፈረማቸው በፊት በዚያ ማሳ በታኅሣሥ የሚቈይ ዘግይቶ የሚደርስ እህል እንደማይዘሩ ሊያስቡበት ይገባል።

ደብዳቤው ከተላከ በኋላ

የደብዳቤው መላክ ፈቃድ አይደለም። በስልክ «ችግር የለም፥ ቀጥሉ» መባልም ፈቃድ አይደለም። የተፈረመ መልስ በእጅ ሳይገባ ሰኔ 23 ቀን ከደረሰ፥ በርዳታው ሒሳብ ክፍያ ይቁም፤ ዘበኛው ብቻ በወረዳው ወጪ ይጠብቅ። መልሱ ሲመጣ ደግሞ ሦስት ነገር ይመርመር፤ የተፈቀደው ቀን የተጠየቀው መሆኑ፥ የገንዘቡ መዘዋወር በስም ተጠቅሶ መፈቀዱ፥ አዲሱም የመግለጫ ማቅረቢያ ቀን መጻፉ። ጊዜው ተፈቅዶ መዘዋወሩ ሳይጠቀስ ቢቀር፥ 92,000 ብሩ አልተፈቀደም ማለት ነውና ወዲያው ይጻፍ።

ከዚያም ከዋናው ውል ጋር አብረው የሚያልቁት ትንንሽ ውሎች ሁሉ በዚያው ቀን ይታደሱ፤ የተቆጣጣሪው ቅጥር፥ የመጋዘኑ ኪራይ፥ የሥራ ተቋራጭም ካለ የባንክ ዋስትናው። የዋናው ውል ግልባጭ ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይሰጥ፤ አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሲከፈት ቀሪው ገንዘብ በመዝገብ እንዲተላለፍ ያስፈልጋልና። ይህ ካልተደረገ ግንበኛው በጥቅምት 22 ቀን መዶሻውን ይዞ ሲመጣ፥ ፈቃዱ በእጅ ሳለ ገንዘቡ በካዝና ታስሮ ይገኛል።